ምድር ቤት የሰቀልኩት ቦርድ ለምን በራሱ ይነሳ ነበር?

አምና ክረምት ላይ አንድ ዘመዴ የሚኖርበት ሕንፃ ኮሚቴ ትንሽ ሥራ ሰጠኝ። አዲስ አበባ ነው፣ ውሃ በፈረቃ ይመጣል። ሕንፃው ምድር ቤት ውስጥ ማጠራቀሚያ፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ ሁለት ሮቶ አለው። ውሃውን ከታች ወደ ላይ የሚገፋውን ፓምፕ የሚያበራውም የሚያጠፋውም ጥበቃው ነበር። ሌሊት ሸለብ ካደረገው ሮቶው ሞልቶ ይፈሳል። ቀን ከረሳው የላይኛው ፎቅ ሰው ጀሪካን ይዞ ይንከራተታል።

አንድ ESP32 የሚባል ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ፣ ሦስት ተንሳፋፊ ማብሪያዎች፣ ፓምፑን በኮንታክተር በኩል የሚያበራ ሪሌ እና መልእክት የሚልክ SIM800L ሞጁል አንድ ሳጥን ውስጥ ሰበሰብኩ። ፓምፑ በበራና በጠፋ ቁጥር ለጥበቃው በላቲን ፊደል አጭር መልእክት ይሄዳል። የታችኛው ማጠራቀሚያ ሲደርቅ ደግሞ ለኮሚቴው ሰብሳቢ በአማርኛ ማስጠንቀቂያ ይሄዳል። በአማርኛ ይሁን ያሉት እሳቸው ናቸው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን።

ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሳምንት ሠራ። አንዴም አላስቸገረኝም። ምድር ቤት በሰቀልኩት በሦስተኛው ቀን ጥበቃው ደወሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ዕቃህ ፓምፑን ጧ አድርጎ ያበራና ጧ አድርጎ ያጠፋዋል። ሞተሩን ሊያቃጥለው ነው።»

«በቀን ስንት ጊዜ ነው ጋሼ?»

«እኔ ቆጣሪ ነኝ እንዴ? ሲለው አምስቴ፣ ሲለው ዝም።»

ሄጄ አየሁት። ፓምፑን የሚያጠፋው ፕሮግራሙ አይደለም። ቦርዱ ራሱ ሪሴት እያደረገ፣ ማለትም ከዜሮ እየተነሳ ነው። ቦርዱ ሲነሳ ሪሌው ይለቃል፣ ፓምፑ ይቆማል። ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ፕሮግራሙ ይጀምርና «ሮቶው ባዶ ነው» ብሎ ፓምፑን መልሶ ያበራል። ወዲያው መልእክት ሊልክ ይሞክራል። እንደገና ሪሴት።

የመጀመሪያው ስህተቴ እዚህ ጋ ነው። «ፕሮግራሙ የሆነ ቦታ ተቸንክሮ ይሆናል» ብዬ ዋችዶግ ጨመርኩ። ዋችዶግ ማለት ቺፑ ውስጥ ያለ ሰዓት ቆጣሪ ነው። ሌሊት በየሰዓቱ ፊሽካ እየነፋ «አለሁ» የሚል ጥበቃ ታውቃላችሁ? ፕሮግራሙም እንደዚያ በየጊዜው ለዋችዶጉ «አለሁ» ማለት አለበት። ፊሽካው በተባለው ጊዜ ካልተሰማ ዋችዶጉ ፕሮግራሙን ሞቷል ብሎ ቦርዱን ከዜሮ ያስነሳዋል። እኔ 10 ሰከንድ ሰጠሁት።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? የእኔ ቦርድ እየተነሳ እንጂ እየተቸነከረ አልነበረም። ዋችዶግ ደግሞ የቆመን ፕሮግራም ያስነሳል እንጂ የሚነሳን ቦርድ አያስቆምም። እንዲያውም ሪሴት የሚያደርግ አንድ ተጨማሪ ተጠርጣሪ ጨመርኩበት። በሳምንቱ ሪሴቱ ቀነሰ ሳይሆን በዛ።

ከዚያ ነው ቁጭ ብዬ ማድረግ የነበረብኝን ያደረግኩት። መገመት ትቼ ቦርዱን ራሱን ጠየቅኩት። ESP32 ሲነሳ ለምን እንደተነሳ ያውቃል። `esp_reset_reason()` ብላችሁ ስትጠሩት ቁጥር ይመልሳል። 1 ከሆነ መብራት ተቋርጦ መጥቷል ማለት ነው። 4 ከሆነ ፕሮግራሙ ስህተት ሠርቶ ተደናግጧል። 6 ከሆነ የታስክ፣ ማለትም ጎን ለጎን ከሚሠሩት የፕሮግራም ክፍሎች የአንዱ፣ ዋችዶግ ነው ያስነሳው። 9 ከሆነ ቮልቴጅ ወድቋል፣ ብራውንአውት የሚሉት ማለት ነው። ሌሎችም አሉ፤ እኔን ያጋጠሙኝ ግን እነዚህ አራቱ ናቸው።

ምድር ቤት ውስጥ ላፕቶፕ ሰክቼ ሴሪያል ሞኒተር ላይ አፍጥጬ መዋል ስለማልችል ቁጥሮቹን ቦርዱ ራሱ እንዲይዝልኝ አደረግኩ። መብራት ቢጠፋም በማይጠፋው የፍላሽ ማከማቻ ውስጥ ለእያንዳንዱ ምክንያት አንድ ቆጣሪ ማለት ነው። `setup()` ውስጥ ከሁሉም በፊት ይህን አስገባሁ፦

```
Preferences p;
p.begin("rst", false);
int r = (int)esp_reset_reason();
char k[4];
snprintf(k, sizeof k, "r%d", r);
p.putUInt(k, p.getUInt(k, 0) + 1);
p.end();
```

ምክንያቱ ብቻውን ግን አይበቃም። ፕሮግራሙ ሲሞት ምን እየሠራ እንደነበርም ማወቅ ፈለግኩ። ለዚህ ሪሴት ሲደረግ የማይጸዳ የሜሞሪ ቦታ አለ። `RTC_NOINIT_ATTR` ብላችሁ ያወጃችሁት ተለዋዋጭ እዚያ ይቀመጣል። ከእያንዳንዱ ትልቅ ሥራ በፊት አንድ ቁጥር ጻፍኩበት። 10 ማለት ማብሪያዎቹን እያነበብኩ ነው፣ 20 ሪሌውን እየነካሁ ነው፣ 30 ሞጁሉን እያነጋገርኩ ነው፣ 31 መልእክት እየላክሁ ነው፣ 32 የአማርኛ መልእክት እያዘጋጀሁ ነው። ሲነሳ መጀመሪያ ይህን ቁጥር ያነብና ከምክንያቱ ጋር አብሮ ያስቀምጠዋል። አንድ ጥንቃቄ አለው። መብራት ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ሲመጣ እዚያ ያለው ዝባዝንኬ ነው። ስለዚህ አጠገቡ አንድ የማውቀውን ቁጥር አስቀምጣለሁ። ያ ቁጥር ካልተገኘ የተጻፈውን አላምነውም።

በ11 ቀን ውስጥ የተሰበሰበው ይህ ነበር። 9 ቁጥር፣ 14 ጊዜ። 4 ቁጥር፣ 5 ጊዜ። 6 ቁጥር፣ 3 ጊዜ። 1 ቁጥር፣ 2 ጊዜ።

አንድ በሽታ ነው ብዬ የያዝኩት ሦስት በሽታ ሆኖ ተገኘ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁሉም አንድ ናቸው፣ ጧ ብሎ ይጠፋል፣ ጧ ብሎ ይበራል። ሁለቱ 1 ቁጥሮች ጋሼ መብራት ሄደ ካሉኝ ሰዓት ጋር ገጠሙ፣ ተውኳቸው።

ከብዙው ጀመርኩ። 14ቱም ብራውንአውቶች ደረጃ 31 ላይ ናቸው፣ መልእክት ሲላክ። ይህ ብቻውን ግማሹን መልስ ይሰጣል። SIM800L ከማማው ጋር ሲነጋገር ኃይል የሚስበው በዝግታ ሳይሆን በጉርሻ ነው። በየ4.6 ሚሊሰከንዱ ለ577 ማይክሮሰከንድ ያህል እስከ 2 አምፔር ይጎትታል። በጣም አጭር ስለሆነ መልቲሜትር አያየውም። እኔም በመልቲሜትር ለክቼ 4.9 ቮልት አግኝቼ «ፓወሩ ሰላም ነው» ብዬ ነበር። መልቲሜትሩ አልዋሸም፣ አማካዩን ነው የነገረኝ።

ታዲያ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ለምን ሠራ? ይህ በጣም አስቸግሮኝ ነበር። `AT+CSQ` ብዬ የኔትወርኩን ጥንካሬ ስጠይቅ ቤቴ 22 ይለኝ ነበር፣ ምድር ቤቱ 7። ኔትወርክ ሲደክም ሞጁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጮኻል፣ ማለትም ብዙ ኃይል ይስባል። ቤቴ በሹክሹክታ ሲያወራ የነበረ ሞጁል ምድር ቤት ገብቶ መጮህ ጀመረ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር የምትሠሩ ከሆነ ሙከራውን ዕቃው በሚሰቀልበት ቦታ አድርጉት። ካልቻላችሁ አንቴናውን ፈታ አድርጋችሁ ሲግናሉን አዳክሙትና 20 መልእክት በተከታታይ ላኩ።

ጓደኛዬ ኦሲሎስኮፕ አዋሰኝ። 5 ቮልቱ መስመር ላይ አንዱን ገመድ፣ 3.3ቱ ላይ ሌላውን አደረግኩ። ቮልቴጁ ከ2.8 በታች ሲወርድ ብቻ ሥዕሉን እንዲይዝ አዘዝኩትና መልእክት ላክሁ። ያዘው። 5 ቮልቱ ወደ 3.5 ወርዷል። 3.3ቱ ወደ 2.4።

ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሳደርገው በትክክል ገጠመ። የተጠቀምኩት የስልክ ቻርጀር ነበር፣ ከ1.5 ሜትር ቀጭን የዩኤስቢ ገመድ ጋር። የዚያ ዓይነት ቀጭን ሽቦ በሜትር 0.21 ኦም ገደማ አለው። ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ 3 ሜትር ነው፣ 0.64 ኦም። በ2 አምፔር ሲባዛ ገመዱ ብቻውን 1.3 ቮልት ገደማ ይበላል። ቻርጀሩ ራሱም ትንሽ ሲያጎነብስ 3.5 ደረሰ። ቦርዱ ላይ ያለው AMS1117 የሚባለው ሬጉሌተር ደግሞ 3.3 ቮልት ለማውጣት ከበላዩ 1.1 ቮልት ገደማ ትርፍ ይፈልጋል። 3.5 ሲገባ የሚወጣው 2.4 ነው። የESP32 የብራውንአውት ጠቋሚ በነባሪው የሚጮኸው 2.43 ቮልት አካባቢ ነው። አለቀ።

ኦሲሎስኮፕ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ቀላል ፈተና አለ። ESP32ቱን ለብቻው ከሌላ ምንጭ፣ ለምሳሌ ከፓወር ባንክ አብሩት። SIM800Lን በድሮው ቻርጀር ተዉት። የሁለቱን ግራውንድ ብቻ አገናኙ። ሪሴቱ ከቆመ ጥፋቱ የኃይል ነው። ካልቆመ ኮዱን ፈትሹ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ስለ ብራውንአውት ስትፈልጉ መጀመሪያ የምታገኙት ምክር ይህ መስመር ነው፦

```
WRITE_PERI_REG(RTC_CNTL_BROWN_OUT_REG, 0);
```

ጠቋሚውን ያጠፋዋል። እኔም ለሁለት ቀን ሞክሬዋለሁ። ሪሴቱ ቀነሰ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ያስቀመጥኳቸው ቁጥሮች ተበላሹ፣ አንዴም ቦርዱ ሙሉ በሙሉ ዝም አለ። ቮልቴጁ እኮ አሁንም እየወደቀ ነው። ቺፑ ግን በጎደለ ኃይል ማሰቡን ቀጠለ፣ ፍላሹ ላይም በጎደለ ኃይል ጻፈ። የጭስ ጠቋሚውን ባትሪ አውጥቶ መተኛት ማለት ነው። አትንኩት።

መፍትሔው የሽቦ ነበር። ቻርጀሩን ትቼ 12 ቮልት 2 አምፔር አዳፕተር አመጣሁ። ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ቮልቴጅ አውራጅ ሞጁሎች አስገባሁ። አንዱ 5 ቮልት ለESP32፣ አንዱ 4.1 ቮልት ለSIM800L ብቻ። SIM800L ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ነው የሚፈልገው፣ 5 ቮልት በቀጥታ እንዳትሰጡት። አሁን ረጅሙ ገመድ የሚሸከመው 12 ቮልት ስለሆነ በጉርሻው ጊዜ የሚያልፍበት አምፔር 1 እንኳን አይሞላም። ግማሽ ቮልት ቢበላም ከ12 ላይ ማን ይጠይቀዋል።

ከSIM800L እግር ሥር ደግሞ 2200 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በየድኩ። ብዙ ሰው 100 ያደርግና «ካፓሲተርም አልረዳኝ» ይላል። ሒሳቡ ቀላል ነው። 2 አምፔርን በ577 ማይክሮሰከንድ አባዙና ለካፓሲተሩ አካፍሉ። በ1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሩ ብቻውን ቢሸከም 1.15 ቮልት ይወድቃል፣ በ2200 ግማሽ ቮልት ገደማ። በ100 ግን ጉርሻው ሳያልቅ ባዶ ነው።

14ቱ ወደ ዜሮ ወረዱ። ጋሼም «አሁን ሰው ሆነ» አሉ። ግን 4 ቁጥሮቹ አሁንም አሉ።

የ4 ቁጥር ሪሴቶች ሁሉም ደረጃ 32 ላይ ነበሩ። የአማርኛ መልእክት ላይ። በዚያው ሳምንት የኮሚቴው ሰብሳቢ «ማጠራቀሚያው ደርቆ ያውቃል፣ እኔ ግን አንድም መልእክት አልደረሰኝም» ብለው ቅር ብሏቸው ነበር። እኔ ኔትወርክ ነው ብዬ አልፌው ነበር። ለካ ማስጠንቀቂያውን ሊልክ በተነሳ ቁጥር ቦርዱ እየሞተ ነው። ማስጠንቀቂያው የሚላከው ውሃው ካለበት ወደሌለበት ሲቀየር ብቻ ስለሆነ፣ ከተነሳ በኋላ «ደርቋል፣ ግን አልተቀየረም» ብሎ ዝም ይላል። ስለዚህ አንድ ሪሴት፣ ዜሮ መልእክት።

ቤት ወስጄ ላፕቶፕ ላይ ሰክቼ የታችኛውን ማብሪያ በእጄ ገለበጥኩት። ወዲያው ይህ ወጣ፦

```
Guru Meditation Error: Core 1 panic'ed (Unhandled debug exception).
Debug exception reason: Stack canary watchpoint triggered (gsm)
```

gsm የመልእክት ታስኬ ስም ነው። ስታኩ ሞልቷል ማለት ነው። ስታክ እያንዳንዱ ታስክ ለጊዜያዊ ሥራው የሚሰጠው የተወሰነ ሜሞሪ ነው። አንድ ፈንክሽን ሲጠራ ውስጡ ያወጃቸው ነገሮች እዚያ ይደረደራሉ፣ ሲጨርስ ይነሳሉ። ከተመደበው ካለፈ የሌላውን ቤት ይረግጣል። ስታኩ ጫፍ ላይ ጠባቂ ምልክት አለ፣ እሱ ሲነካ ነው ከላይ ያለው ጽሑፍ የሚወጣው።

ለምን ሞላ? ሁለት ምክንያት ተደራርቦ ነው። የመጀመሪያው የእኔ ድፍረት ነው። ከዚህ በፊት STM32 የሚባል ሌላ ቺፕ ላይ እሠራ ነበር። እዚያ ለታስክ ስታክ 1024 ስትሉ ስሌቱ በ4 ባይት ቃል ነው፣ ስለዚህ 4096 ባይት ታገኛላችሁ። «ለዚህ ሦስት እጥፍ ልስጠው» ብዬ ESP32 ላይ 3072 ጻፍኩ። ESP32 ላይ ግን ቁጥሩ የሚቆጠረው በባይት ነው። የቸርኩ መስሎኝ ከድሮው አሳንሼ ሰጠሁት።

ሁለተኛው አማርኛችን ነው። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፣ እንዳለ ይላካል። አማርኛ ሲሆን ገደቡ 70 ፊደል ነው። ሞጁሉም ፊደሉን እንዳለ አይቀበልም፣ እያንዳንዱን ወደ አራት የሄክስ ምልክት ቀይራችሁ ነው የምትሰጡት። ፕሮግራሙ ውስጥ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው። ስለዚህ ለ70 ፊደል 211 ባይት ለጽሑፉ፣ 281 ባይት ለሄክሱ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ትእዛዙን የማሰናዳበት 320 ባይት ነበረኝ። ድምሩ 812 ባይት፣ ሁሉም ፈንክሽኑ ውስጥ የታወጀ፣ ሁሉም ስታክ ላይ።

ምን ያህል ቦታ እንደቀረ ለማወቅ ታስኩ ውስጥ ይህን ማተም ይበቃል፦

```
Serial.println(uxTaskGetStackHighWaterMark(NULL));
```

ታስኩ ከተፈጠረ ጀምሮ ስታኩ በጣም በጠበበበት ሰዓት ስንት ባይት ቀርቶ እንደነበር ይነግራል። የላቲን መልእክት ልኬ ሳየው 460። 460 ቀርቶት 812 ሲጠየቅ ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው። አስተውሉ፣ ይህ ቁጥር የሚያውቀው ያለፈውን ብቻ ነው። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ሳምንት ስለካ 460 እያለኝ ደልቶኝ ነበር፣ ምክንያቱም የሞከርኩት «test» የሚል መልእክት ብቻ ነው። ከባዱ መንገድ አንዴ እንኳን ሳይሄድ የወጣን ቁጥር አትመኑ።

ደግሞ ስታክ ሁልጊዜ በስሙ አይጠራም። ቤት ማብሪያውን ደጋግሜ ስገለብጥ አንዴ የወጣው `LoadProhibited` ነበር፣ ያውም ከመልእክት ጋር ምንም የማይገናኝ ቦታ ላይ። ትልቅ ድርድር ስታክ ላይ ሲታወጅ ጠባቂ ምልክቱን ሳይነካ ዘሎት ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ የጎረቤቱን ሜሞሪ ያበላሻል፣ ስህተቱ የሚፈነዳው ጎረቤቱ ሥራ ሲጀምር ነው። ሪሴቱ በተለያየ ቦታ፣ በተለያየ ስም ከመጣባችሁ፣ ግን ሁልጊዜ አንድ ሥራ ከተሠራ በኋላ ከሆነ፣ የዚያን ሥራ ስታክ ጠርጥሩ።

ስታኩን 6144 አደረግኩት። የአማርኛ መልእክት ልኬ ስለካ 2600 ገደማ ቀረ። ድርድሮቹን `static` አድርጎ ከስታክ ማውጣትም ይቻላል። ግን ሁለት ታስክ ያንኑ ፈንክሽን በአንድ ጊዜ ከጠሩት ጽሑፎቻቸው ይቀላቀላሉ። ESP32 ሜሞሪው ሰፊ ስለሆነ 3 ኪሎባይት መስጠቱን መረጥኩ።

የቀረው 6 ቁጥር ነው፣ ዋችዶጉ። አሁን ሌላው ስለጸዳ እሱ ብቻ ጎልቶ ታየ። ሁሉም ደረጃ 31 ላይ። ፕሮግራሙ አልተቸነከረም፣ መልስ እየጠበቀ ነው። SIM800L መልእክት ላክ ሲባል `AT+CMGS` ን ለመመለስ እስከ 60 ሰከንድ ሊወስድ ይችላል፣ የአምራቹ ሰነድ ይህን ይፈቅዳል። ደካማ ኔትወርክ ላይ 15 እና 20 ሰከንድ ብዙ ጊዜ አየሁ። እኔ ደግሞ 10 ሰከንድ ነበር የሰጠሁት። ዋችዶጉ ጤነኛ ፕሮግራም እየገደለ ነበር።

እዚህም መጀመሪያ የሄድኩት አጭሩን መንገድ ነው። መልስ የሚጠብቀው ዑደት ውስጥ `esp_task_wdt_reset()` ጨመርኩ። እየጠበቀ «አለሁ፣ አለሁ» ይላል። ሪሴቱ ቆመ። አንድ ሌሊት ኔትወርኩ ጠፋና ሞጁሉ ጽሑፍ ለመቀበል በሚሰጠው `>` ፋንታ ስህተት መለሰ። የእኔ ዑደት ግን `>` ን ብቻ ነው የሚጠብቀው። ሌሊቱን ሙሉ ጠበቀ። ሌሊቱን ሙሉም «አለሁ» አለ። ያኔ ፓምፑን የሚያጠፋውም ያው ታስክ ነበርና ጠዋት ጣሪያው ኩሬ ሆኖ ተገኘ። ተኝቶ ፊሽካውን የሚነፋ ጥበቃ ማለት ይህ ነው።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱ መጠበቂያ የራሱ የጊዜ ገደብ ይኑረው። `>` ን 5 ሰከንድ፣ የመጨረሻውን መልስ 60 ሰከንድ። ካልመጣ ፈንክሽኑ «አልተሳካም» ብሎ ይመለሳል፣ ሥራው ይቀጥላል፣ መልእክቱ በኋላ ይሞከራል። ዋችዶጉ ደግሞ ከእነዚህ ድምር በላይ ይሁን። እኔ 90 ሰከንድ ሰጠሁ፦

```
esp_task_wdt_config_t cfg = {
  .timeout_ms = 90000,
  .idle_core_mask = 0,
  .trigger_panic = true
};
esp_task_wdt_reconfigure(&cfg);
```

ይህ የአርዱይኖ 3ኛው ትውልድ አጻጻፍ ነው። እዚያ ዋችዶጉ አስቀድሞ ተነስቶ ስለሚጠብቃችሁ `init` ን ሳይሆን `reconfigure` ን ነው የምትጠሩት። `trigger_panic` ን እውነት ካላደረጋችሁት ዋችዶጉ ሴሪያል ላይ ያጉረመርማል እንጂ ቦርዱን አያስነሳም።

ከዚያ ፓምፑን የሚቆጣጠረውን ክፍል መልእክት ከሚልከው ለየሁት። እያንዳንዱ የራሱ ታስክ ነው፣ እያንዳንዱም በ`esp_task_wdt_add(NULL)` ራሱን ያስመዘግባል። የተመዘገበ ሁሉ በየፊናው «አለሁ» ማለት አለበት፣ ከሁለቱ አንዱ ዝም ካለ ዋችዶጉ ይነሳል። «አለሁ» የሚባለው ደግሞ በእያንዳንዱ ታስክ አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ዙሩ ሲያልቅ። ኔትወርክ ቢጠፋም አሁን ፓምፑ በሰዓቱ ይጠፋል።

ሁለት ወጥመዶች ልጨምር፣ እኔን ጊዜ ስላባከኑብኝ። አንደኛው፣ ብራውንአውት ሲደርስ ESP32 መልእክቱን ካተመ በኋላ ራሱን በሶፍትዌር ያስነሳል። ስለዚህ ሲነሳ የሚወጣው የመጀመሪያ መስመር `rst:0xc (SW_CPU_RESET)` ይላል። እሱን ብቻ ያየ ሰው ኮዱ ውስጥ የሆነ ነገር ሪስታርት እያደረገ ይመስለዋል። ከእሱ በላይ `Brownout detector was triggered` የሚል መኖሩን እዩ፣ ወይም `esp_reset_reason()` ን እመኑ። ሁለተኛው፣ ቮልቴጁ በጣም በጥልቀትና በፍጥነት ከወደቀ ጠቋሚው እንኳን ለመናገር ጊዜ አያገኝም። ያኔ የሚመዘገበው 1 ቁጥር ነው፣ መብራት ጠፍቶ እንደመጣ። መብራት ሳይጠፋ 1 ቁጥር ከበዛባችሁ ወደ ሽቦው ተመለሱ።

ዛሬ ቆጣሪዎቹን በመልእክት እጠይቃቸዋለሁ። ለቦርዱ «r» ብዬ ስልክ አራቱን ቁጥሮች ይመልስልኛል። ባለፉት ሦስት ወራት 1 ቁጥር 19 ደርሷል፣ ያ የመብራቱ ጉዳይ ነው። 9 እና 4 ዜሮ ናቸው። 6 አንድ ጊዜ ተመዝግቧል፣ ደረጃ 30 ላይ፣ ሌሊት 9 ሰዓት። ሞጁሉ ለማንኛውም ትእዛዝ መልስ መስጠት አቁሞ ነበር። እያንዳንዱ ትእዛዝ በራሱ ገደብ ቢመለስም ተራው ሲደመር 90 ሰከንድ አለፈ፣ ዋችዶጉ ቦርዱን አስነሳው፣ ቦርዱም ሲነሳ ሞጁሉን አጥፍቶ አበራው። በ9 ሰዓት ከ2 ደቂቃ «ፓምፕ ጠፍቷል» የሚለው መልእክት ለጋሼ ደርሷቸዋል። ተኝተው ነበር።